ባህላችን አንድ ግቢ ነበር እንጂ አንድ ክፍል አልነበረም

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼም ጭምር፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው።

ሰሞኑን ቡና በተጠጣበት ሁሉ አንድ ነገር እሰማለሁ። አዲስ ተጋቢዎች "ለብቻችን የምንተኛበት ይኑረን" ካሉ "ይሄ የፈረንጅ አመል ነው፣ ባህላችን ተጠጋግቶ መኖር ነው" ይባላሉ። ይቅርታ አድርጉልኝና ውሸት ነው። አባቶቻችን ልጃቸውን ሲድሩ ምን ያደርጉ ነበር? ጎጆ ያወጡት ነበር። ሙሽሪት መጀመሪያ ላይ ከአማቶቿ ጋር ብትቆይም፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው ግቢ ውስጥ ወይ አጠገቡ ሌላ ጎጆ ይቀለሳል። የራሷ ምድጃ፣ የራሳቸው ጎተራ ይኖራቸዋል። እህሉ ለብቻ፣ ጭሱ ለብቻ፣ ግቢው ግን አንድ። በቀይ ድንጋይ የተሠሩት የላሊበላ ክብ ቤቶች እንኳ ባለ ሁለት ደርብ ናቸው። "ጎጆ ወጣ" የሚለው ቃል ከፈረንጅ የመጣ ነው እንዴ?

አሁን ጋሸና ላይ ያለው ሌላ ነው። ከተማችን የወልዲያና የወረታ መንገድ ከላሊበላው ጋር የሚገናኝባት ናትና ሰው ይበዛል፣ ቦታ ይጠባል። በ2014 ጦርነት ቤት ንብረቱን ያጣው ደግሞ ዘመድ ጋ ተጠጋ። ስለዚህ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ውስጥ አባትና እናት፣ ደመወዝተኛ ልጅ ከነሚስቱና ከነሕፃኑ፣ 12ኛ ክፍል የምትማር እህት፣ ከገጠር ለትምህርት የመጣ የወንድም ልጅ ይኖራሉ። ሰባት ነፍስ። ባልና ሚስቱን ከሌላው የሚለያቸው መጋረጃ ነው። ይሄ ችግር ነው፣ ችግርን ደግሞ ባህል ብለን አናቆላምጠው።

ጉዱ የሚታየው ማታ ነው። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ልጅቷ መጽሐፍ ይዛ ምጣዱ አጠገብ ተቀምጣለች። በ2015 ከተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁሉም በቤት ጫጫታ ነው አልልም፣ ግን እኔ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ የሚያንገላታው ልጅ ማን ቤት እንደሚያድር አውቃለሁ።

"ግድግዳ ሠርተናል" የሚሉኝ አሉ። ሄጄ ሳየው ግድግዳው ከሰው ቁመት ትንሽ አልፎ ቆሟል፣ ከላይ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ባዶ ነው። ድምፅ እኮ በላይ በኩል ነው የሚሻገረው! ባህር ዛፉን እስከ ጣሪያው አድርሳችሁ በማገር እሰሩት፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጣችሁ ጥቂት ቀን አብኩት፣ ከዚያ በሁለቱም ወገን ምረጉት። የሚሻለው የጤፍ ጭድ ነው፤ የእኛ አገር ደጋ ስለሆነ ከቆላ ማስመጣት ይጠይቃል፣ ካልተገኘ የገብሱም ይሠራል። ኮርኒስ መግዛት ያልቻለ ማዳበሪያ ሰፍቶ ይወጥር፤ ድምፁን ባያቆመውም የቆርቆሮውን ጩኸት ያበርደዋል። ይሄ የአንድ ቅዳሜና እሑድ ደቦ ነው፣ የቤት ኪራይ አይደለም።

የገንዘቡ ነገር ከጫጫታው ይብሳል። ልጁ ደመወዙን እንደተቀበለ ለእናቱ ያስረክባል፣ ሚስቱ ለሳሙና አማቷን ትለምናለች። የገጠሩ ወንድም ልጁን ሲልክ ገብስና ሽሮ ይጭናል፣ ግን ማንም ስለማይቆጥርለት "የሰው ልጅ እየቀለብን" ይባላል። ይሉኝታ ይዟቸው አይነጋገሩም። ከዚያ ጠቡ በጨው ይነሣል። ምልክቱን ልንገራችሁ፦ ስኳር ሳጥን ውስጥ ሲቆለፍ፣ ወይም አንዱ "በልቻለሁ" እያለ ከማዕድ ሲቀር፣ ቤቱ ውስጥ ያልተነገረ ሒሳብ አለ።

እኔ የምለው ይቆጠር ነው። ከገጠር የመጣው እህል በገበያ ዋጋ ተገምቶ እንደ መዋጮ ይያዝ። መብራትና ዘይት ደመወዝ ያለው ይሸፈን። እናት የጓዳው አዛዥ ሆነው ይቀጥሉ፣ ግን ከደመወዙ ላይ ለምራቲቱ በየወሩ በእጇ የሚገባ፣ ማንም "የት አደረግሽው" የማይላት ብር ይለይ። ትንሽም ቢሆን።

"ይሄን ለአባቴ እንዴት እላለሁ?" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ወረቀት ይዞ ሒሳብ ተነሥቶ ማንበብ ድፍረት ነው። አዛውንት የሚያዝኑት በሒሳቡ አይደለም፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ ሲሰሙት ነው። ስለዚህ ግድግዳውም ሆነ መዋጮው ከመወሰኑ በፊት ቀድመው ይጠየቁ፤ "አባ፣ እርስዎ እንዴት ይሁን ይላሉ?" ተብለው። በልጅ አፍ ከከበደ ደግሞ የንስሐ አባት ቤት ድረስ ይመጡ የለ? ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ እሳቸው ያንሡት።

ምራቶችንም ጠይቁልኝ እስቲ። በኮሜንት ሳይሆን በአካል፣ ባሎቻቸው በሌሉበት።