ተክል አፈር ይበላልን?

የዛሬው ትምህርታችን የተነሣው ከአንድ የፈተና ወረቀት ነው።

ከማታ ተማሪዎቻችን አንዲት እናት ባለፈው ማክሰኞ የልጃቸውን ወረቀት ይዘው መጡ። ልጁ 7ኛ ክፍል ነው። ጥያቄው «አረንጓዴ ተክል ምግቡን ከየት ያገኛል?» ይላል። ልጁ «ከአፈር» ብሎ ጽፏል። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘውበታል። እናቲቱም፣ «ይህንን የነገርኩት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ አርሼ በልቻለሁ። መሬቱ ሲደክም እህሉ ይደክማል፤ ፍግ ሲያገኝ ይፋፋል። ታዲያ ከአፈር ካልበላ ከየት ሊበላ ነው?» አሉን።

እኛም ቸኩለን «ከአየር ነው» ብለን መለስን። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አንድ አባት እንዲያውም፣ «እንግዲያስ እኛም ዘንድሮን አየር እየበላን እንክረም» አሉ። መሳቃቸው ትክክል ነበር። ማስረጃ ሳናቀርብ ነው የተናገርነው። ስለዚህ በማግስቱ ነገሩን ከምድጃ ጀመርነው። እናንተም ከዚያው ጀምሩ።

አንድ ሰው 100 ኪሎ የደረቀ እንጨት አነደደ እንበል። እንጨቱ ፍም ሆኖ፣ ፍሙም ጨርሶ ሲነድ ምን ይቀራል? አመድ ይቀራል። አመዱ ስንት ይሆናል? 1 ኪሎ ወይም 2 ኪሎ ቢሆን ነው። እንግዲህ ይህ አመድ ዛፉ በሥሩ ከአፈር ስቦ ያወጣው ማዕድን ነው። የቀረው 98 ኪሎስ የት ገባ? ጢስና የማይታይ አየር ሆኖ ወጣ። ዛፉ ከአፈር የተሠራ ቢሆን ኖሮ ምድጃችሁ በየቀኑ አፈር በሞላበት ነበር።

ይህንን ነገር በሚዛን የፈተነ ሰው ነበር። ስሙ ቫን ሄልሞንት ይባላል፤ የቤልጅግ አገር ሰው ነው። በትልቅ ገንቦ 90 ኪሎ ያህል በምድጃ የደረቀ አፈር አስገባ። ከ2 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ የአኻያ ችግኝ ተከለበት። ከላይ አቧራ እንዳይገባ ገንቦውን ቀዳዳ ባለው ቆርቆሮ ከደነው። ከዚያም 5 ዓመት ሙሉ ውሃ ብቻ አጠጣው። በመጨረሻ ዛፉን ነቅሎ ቢመዝነው 77 ኪሎ ያህል ሆኗል። አፈሩን አድርቆ ቢመዝነው ግን የጎደለው 60 ግራም ገደማ ብቻ ነው። አንድ የቡና ሲኒ እንኳን በደንብ አይሞላም። የዚህ ሥራ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1648 ታተመ።

ቫን ሄልሞንት ግን ግማሹን ብቻ ነው ያወቀው። ያጠጣሁት ውሃ ነውና ዛፉ የተሠራው ከውሃ ብቻ ነው ብሎ ደመደመ። ውሃው መግባቱ እውነት ነው። አየሩን ግን አላሰበውም፤ አየር በዓይን አይታይም፣ እሱም አልመዘነውም። ስለ አየሩና ስለ ብርሃኑ ሌሎች ሰዎች የደረሱበት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

አሁን ወደ ማድቤት እንግባ። እናቶች ይህንን ከኛ የበለጠ ያውቁታል።

ቅጠልን እንደ ማድቤት ቁጠሩት። እንጀራ ለመጋገር ዱቄትና ውሃ ያስፈልጋል። ለቅጠሉ ዱቄቱ የተቃጠለ አየር ነው፤ በትምህርት ቤት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል። ይህ እኛ ስንተነፍስ የምናወጣው፣ ከእሳትም የሚወጣው አየር ነው። በዙሪያችን ካለው አየር ከ10,000 እጅ 4 እጅ ያህል ብቻ ነው። ቅጠሉ ይህንን የሚያስገባው በአብዛኛው በታችኛው ፊቱ ባሉት እጅግ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። ውሃውን ደግሞ ሥሩ ከመሬት ስቦ፣ በግንዱ አሳልፎ ይልክለታል።

ምጣዱስ? ምጣዱ ቅጠሉን አረንጓዴ ያደረገው ነገር ነው። ሐመልሚል ወይም ክሎሮፊል ይባላል። እሳቱ የፀሐይ ብርሃን ነው። ሐመልሚሉ ብርሃኑን ይይዝና ውሃውና የተቃጠለው አየር ተዋህደው ስኳር እንዲሆኑ ያደርጋል። እንጀራው ይህ ስኳር ነው። አክንባሎው ሲነሣ እንፋሎት ቡልቅ እንደሚል፣ ከቅጠሉም በዚያው ቀዳዳ ኦክሲጅን ይወጣል። እኛ ወደ ውስጥ ስበን የምንኖርበት አየር እሱ ነው። ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት ይህንን ሥራ በአንድ ቃል «ብርሃን አስተፃምሮ» ይሉታል። በብርሃን ማዋሃድ ማለት ነው።

ተክሉ ስኳሩን እንዳለ አይተወውም። ከፊሉን እየቆጠበ በፍሬው ወይም በሥሩ ያስቀምጣል፤ የስንዴው ዱቄትና የድንች ሥጋ ከዚህ የመጣ ነው። ከፊሉን እንጨትና ገለባ ያደርገዋል። ከፊሉንም ለኑሮው ያቃጥለዋል።

ምሳሌያችን የሚያነክስበት ቦታ አለ። የማድቤቱ እሳት ከጋገረ በኋላ በንኖ ይጠፋል። የፀሐዩ ጉልበት ግን በስኳሩ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። እንጨት ስታነዱ የሚሞቃችሁ ዛፉ በየዓመቱ ያጠራቀመው የፀሐይ ጉልበት ሲፈታ ነው። እንጀራ በልታችሁ ስታርሱም ያው ነው።

«ብርሃን ከሌለስ ምን ይሆናል?» ብሎ አንድ ወጣት ጠየቀ። መልሱ ጠላ የሚጠምቁ ሰዎች እጅ ውስጥ ነው። ብቅል ሲበቀል ገብሱ ይርሳል፣ በቅጠል ይሸፈናል፣ በጨለማ ይቀመጣል። አፈር የሚባል አያይም፤ ነገር ግን ሥርም ቡቃያም ያወጣል። አፈር ካልበላ በምን አደገ? በራሱ ፍሬ ውስጥ ባለው ስንቅ ነው። መልኩንም ተመልከቱ፤ ነጣ ያለ ነው እንጂ አረንጓዴ አይደለም። ብቅሉ ደርቆ ሲመዘን ደግሞ ከመጀመሪያው ደረቅ ገብስ ይቀልላል። ስንቁን እየበላ፣ አዲስ ምግብ ግን ሳይጋግር ስለ ቆየ ነው። በጨለማ ቢተዉት ስንቁ ሲያልቅ ይሞታል።

እዚህ ላይ እናቲቱ አልለቀቁንም። «ፍጉስ? ፍግ ያፋፋል ስል ዋሽቻለሁ?» አሉ። አልዋሹም። ትልቁ ጥያቄም እዚህ ላይ ነው።

ወጥ ያለ ጨው አይበላም። ሆኖም ማንም ሰው «ወጡ የተሠራው ከጨው ነው» አይልም። አፈር ለተክል የሚሰጠው እንደ ጨው ጥቂት፣ ግን የግድ የሆነ ነገር ነው። ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስ፣ ፖታሲየምና ሌሎችም ማዕድኖች ናቸው። ተክሉ በውሃ ሟምተው ሲያገኛቸው በሥሩ ይስባቸዋል። ናይትሮጅን ከሌለ ሐመልሚሉ አይሠራም፤ ማድቤቱ ምጣድ አጣ ማለት ነው። ፍግም ሆነ ዩሪያ ናይትሮጅን ይሰጣል። እንግዲህ «መሬቱ ደከመ» ስንል አፈሩ ተበልቶ አለቀ ማለታችን አይደለም። በየዓመቱ እህሉንና ገለባውን ስናነሣ ያቺ ጥቂት ጨው አብራ ትሄዳለች። ጎርፍ ደግሞ የላዩን አፈር ከነጨው ይወስዳል። 60 ግራም ጥቂት ነው ብለን የምንንቀው አይደለም።

እናቲቱ ይህንን ሲሰሙ ዝም አሉ። ኋላ ሌላ ነገር አነሡ። ከቤታቸው ጀርባ በትልቁ ግራር ሥር ጎመን ተክለዋል። ሦስት ጊዜ ፍግ አፍስሰውለት ቢጫ እንደ ሆነ ቀርቷል። ለአራተኛ ጊዜ ከጎረቤት ፍግ ሊገዙ ነበር። ሄደን አብረን አየነው።

የጎመኑ አገዳ ረዥምና ቀጭን ነው። በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። ሁሉም ቅጠል፣ የላዩም የታቹም፣ ነጣ ብሏል። ደግሞም ችግኙ በሙሉ ብርሃን ወደሚገባበት ወደ አንዱ ጎን ተጋድሟል። ይህ የእሳት ማነስ ነው። ዱቄትና ጨው ቢጨምሩበት የምጣዱ እሳት አይነድም። የናይትሮጅን ማነስ ቢሆን ኖሮ ቢጫነቱ የሚጀምረው ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ነበር፤ ተክሉ ከአሮጌው እየቀነሰ ለአዲሱ ይሰጣልና። አገዳውም አጭር ሆኖ ይቀራል እንጂ እንዲህ አይመዘዝም። ቢጫነት ሌላም ምክንያት አለው፤ ውሃ በተኛበት መሬትና በበሽታም ይመጣል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት መጀመሪያ ተክሉን እዩት።

እናቲቱ ፍጉን አልገዙም። ከችግኞቹ ስድስቱን ፀሐይ በረድ ሲል፣ ወደ ማታ ነቅለው ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ተከሉ፤ ሌሎቹን እዚያው ተዉአቸው። ሁለቱን ለማነጻጸር ነው አሉ። ይህንን እኛ አልመከርናቸውም።

አሁን ደግሞ እናንተ መልሱ። መልሱን ከማንበባችሁ በፊት ለጎረቤታችሁ ጮክ ብላችሁ ንገሩ።

1. የደረቀ ግንድ ክብደት አብዛኛው የመጣው ከአፈር ነው፣ ከውሃ ነው፣ ወይስ ከአየር?

2. ፍየል የችግኙን ቅጠል በሙሉ ግጦ ሄደ። አፈሩ ጥሩ ነው፤ ውሃም አለ። ችግኙ ለምን ይጎዳል?

3. በድርቅ ጊዜ ቅጠሉ ውሃ እንዳይባክንበት ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ያን ጊዜ ከውሃው ሌላ ምን ይቀርበታል?

የ1ኛው መልስ ከአየር ነው፤ ከውሃ የሚመጣው ድርሻ አነስተኛ ነው፤ ከአፈር የሚመጣው ምድጃ ላይ ያያችሁት አመድ ነው። የ2ኛው፣ ማድቤቱ ስለ ተወሰደበት ነው፤ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ በስንቁ ይኖራል፤ ስንቁ ካነሰ ይሞታል። የ3ኛው፣ የተቃጠለው አየር አይገባም፤ ዱቄት የለምና ፀሐይ እያለ እንኳን መጋገር ይቆማል።

4ኛው ጥያቄ የልጁ ፈተና ነው፤ «አረንጓዴ ተክል ምግቡን ከየት ያገኛል?» እናቲቱ ባለፈው ሐሙስ በደብተራቸው እንዲህ ብለው ጻፉ፤ «ራሱ ይሠራል። በቅጠሉ። ከአየርና ከውሃ። በፀሐይ። አፈር ጨው ይሰጣል።» ልጁ ከወረቀቱ ጋር አያይዞ ለመምህሩ ወስዶታል።