የሱቁ ገጽ ከተመራቂው ጋር አብሮ አይሳፈር

መካነ ሰላም ውስጥ የፌስቡክ ገጽ ያላቸው ብዙ ሱቆች ገጹን ያስከፈቱት ስልክ በሚችል ልጅ ነው። ልጁ የባለሱቁ ዘመድ ይሆናል፣ አለዚያም እንደኛ ያለ ተማሪ። ተማሪው ይመረቃል፣ ሻንጣውን ይዞ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሳፈራል። ገጹ ግን በእሱ የግል አካውንት ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል።

ባለሱቆች «ፈቃዱ የኔ፣ ሱቁ የኔ፣ ገጹስ የማን ሊሆን ነው?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ፌስቡክ ግን የንግድ ፈቃዱን አያውቅም። እሱ የሚያየው ለገጹ ሙሉ ሥልጣን የተሰጠው አካውንት የትኛው እንደሆነ ብቻ ነው።

የሂጃብና የአልባሳት ሱቅ ያላትን አንዲት እህት እናስብ። ገጹን የከፈተላት ተማሪ ከተመረቀ ዓመት ሆኖታል። ስልኳን ቀይራለች፤ ገጹ ላይ ያለው ግን የድሮው ቁጥር ነው። ከወግዲና ከከላላ የሚደውሉ ደንበኞች አያገኟትም። አዲስ ገጽ ብትከፍት ተከታዮቿ የሚያዩት አሮጌውን ነው።

መጀመሪያ ገጹ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ትመልከት። ገጹ ከነጭራሹ ከጠፋ፣ ልጁ አካውንቱን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ብቸኛው አስተዳዳሪ አካውንቱን ለጊዜው ሲዘጋ ገጹም አብሮ ይሰወራል፤ ተመልሶ ሲገባ ሊመልሰው ይችላል። አካውንቱን ለዘለቄታው ለማጥፋት ከጠየቀ ግን ጊዜ የለም፤ በ30 ቀን ውስጥ ገብቶ ካልሰረዘው ገጹም አብሮ ይሄዳል። ገጹ ከታየ ደግሞ ሥልጣኑ አንድ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ሥራው ሰውየውን መፈለግ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ልጁን በጓደኞቹ በኩል ፈልጉት። የይለፍ ቃሉን ግን አትጠይቁት። በሌላ ስልክ፣ ከሌላ ከተማ ሲገባበት ፌስቡክ ተጠራጥሮ አካውንቱን ሊቆልፈው ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ያጣሉ። እሱ ራሱ በስልኩ ወደ ገጹ ይቀይርና `Settings` ውስጥ `Page setup`፣ ከዚያ `Page access` የሚለውን ይክፈት። `Add New` ብሎ የባለሱቋን አካውንት ይምረጥ፤ ሙሉ ሥልጣን የሚሰጠውን `full control` የሚለውን ማብሪያ ያብራ፤ በራሱ የይለፍ ቃል ያረጋግጥ። ማብሪያው ካልበራ እህታችን መለጠፍ ትችላለች እንጂ ሌላ ሰው መጨመር አትችልም። ግብዣው ሲደርሳት ደግሞ መቀበል አለባት፤ ካልተቀበለች የተላለፈ ነገር የለም።

ልጁ ፈቃደኛ ሆኖ አካውንቱን ራሱ ያጣበት ጊዜም አለ። ሲሙ ጠፍቶ ማረጋገጫ ኮዱ የማይደርሰው ሰው ብዙ ነው። ሲሙ በስሙ ከተመዘገበ መታወቂያውን ይዞ ኢትዮ ቴሌኮም ይሂድና ያንኑ ቁጥር ያስተካ፤ የገጹ ቁልፍ የሚገኘው በዚያ በኩል ነው።

ካልተገኘ ወይም እምቢ ካለስ? ያን ጊዜ በሜታ የእርዳታ ክፍል በኩል በሰነድ መጠየቅ ይቀራል። የአመልካቿን መታወቂያ፣ የንግድ ፈቃዷንና የፈረመችበትን ማብራሪያ ያያሉ። ማብራሪያው ከገጹ ጋር ያላትን ግንኙነት፣ የቀድሞው አስተዳዳሪ ማን እንደነበርና ሥራውን እንደተወ፣ ምን እንዲደረግላት እንደምትፈልግ በግልጽ ይናገር። የሰነድ ማረጋገጫ ማኅተም ቢኖረው ይጠቅማል። ፈቃዱ በአማርኛ ብቻ ከሆነ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ማያያዝ ደግ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው በስም ነው። ገጹ በሱቁ መጠሪያ ተከፍቷል፤ ፈቃዱ ላይ ያለው ግን የባለቤቷ የግል ስም ነው። የንግድ ስሙን ያላስመዘገበ ሰው ሁለቱን የሚያገናኝ ወረቀት የለውም። ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ የንግድ ስሙን ማስመዝገብ ከማመልከቻው ይቅደም። ይህም ሆኖ መልሱ ሊዘገይ፣ እምቢታም ሊሆን ይችላል። በቴሌግራም «በሁለት ቀን እናስመልሳለን» እያሉ ገንዘብና ኮድ የሚጠይቁትን ግን አትመኑ፤ ኮዱን የሰጠ የራሱንም አካውንት ይሰጣል።

ለተማሪው ያለን አስተያየት ለባለሱቋም ይሠራል። ያልተከፈለው የድካም ዋጋ ካለ በግልጽ ይጠይቅ፤ እሷም ትክፈል። ገጹን መያዣ ማድረግ ግን አማናን ማጉደል ነው። ሌላም የማይወራ ነገር አለ፦ ብቸኛው አስተዳዳሪ ሞቶ አካውንቱ በፌስቡክ የመታሰቢያ ከሆነ ገጹ ይወገዳል። ሁለተኛ ባለ ሙሉ ሥልጣን ካለ ግን ይተርፋል።

ስለዚህ ዘንድሮ የምትመረቁ፣ ክሊራንስ ስታስፈርሙ የላይብረሪውንና የዶርሙን ፊርማ እንደምትሰበስቡ ሁሉ አንድ ቀን ከሰዓት ወደ ሱቁም ጎራ በሉ። ባለሱቋ ግብዣውን ስትቀበል፣ ከራሷ ስልክ አንድ ነገር ስትለጥፍና ቁጥሯን ስታስተካክል አይታችሁ ተመለሱ።