ፊትን በቁጥር መስፈር

የምርቃት ወቅት ሲደርስ ፎቶ ቤቶች ይጨናነቃሉ። ካባ ለብሰው ተራ ከሚጠብቁት ወጣቶች አንዳንዶቹ ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ እየተለወጠ መሆኑን ከታዘብኩ ሰነበትኩ። ቀድሞ «ቆዳዬን አጥራልኝ» ነበር የሚባለው። አሁን «የቀኝ ዓይኔን ከግራው አስተካክልልኝ»፣ «መንጋጋዬ ወደ አንድ በኩል ሄዷል፣ መልስልኝ» ይባላል። በሰፈራችን የሚሠራ ፎቶ አንሺ እንዳጫወተኝ አንዲት ተመራቂ ስልኳን አውጥታ ፊቷ ከመቶ 68 ማግኘቱን አሳይታዋለች። ነጥቡን የሰጣት ፊትን በወርቃማው ንጥጥር፣ ብዙዎች «ጎልደን ሬሾ» በሚሉት ቁጥር እለካለሁ የሚል መተግበሪያ ነው። ልጅቱ ነጥቡን ያለ ጥርጥር ተቀብላዋለች፤ ፎቶ አንሺውም የጠየቀችውን ሠርቶላታል።

ይህ ነገር ያሳዝነኛል። 98 ቢሰጣት ኖሮም ሐዘኔ አይቀንስም ነበር፤ ምክንያቱም ነጥቡ የቆመበት መሠረት የለም።

ወርቃማው ንጥጥር ራሱ እውነተኛ የሒሳብ ግኝት ነው። አንድን መስመር ለሁለት ስንከፍል፣ ሙሉው መስመር ለረጅሙ ክፍል ያለው ንጥጥር ረጅሙ ለአጭሩ ካለው ጋር እኩል ከሆነ ቁጥሩ 1.618 ገደማ ይመጣል። ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት ጽፎታል። በ1509 ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ ስለዚሁ ቁጥር መጽሐፍ አሳተመ፤ የመጽሐፉን ጠጣር ቅርጾች የሳለለት ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነበር። ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች ሊዮናርዶ የሰውንም አካል በዚህ ቁጥር እንደለካ ያወራሉ። ነገር ግን በክብና በካሬ ውስጥ እጁን ዘርግቶ የቆመው የታወቀው ሰው የተሣለው ሮማዊው ቪትሩቪየስ በሰጣቸው ቀላል ክፍልፋዮች ነው፤ ለምሳሌ ከአገጭ እስከ ፀጉር መነሻ ያለው ርቀት የቁመት አንድ አሥረኛ ይሆናል። ወርቃማው ቁጥር መላውን የሰው አካል ይገዛል የሚለው ስብከት የተስፋፋው ጀርመናዊው አዶልፍ ሳይሲንግ በ1854 መጽሐፉን ካወጣ በኋላ ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ ስቲቨን ማርኳርት የተባለ አሜሪካዊ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም ከዚሁ ቁጥር ተነሥቶ የፊት ጭምብል ነደፈ። ዛሬ በየስልኩ ፊት ላይ የሚዘረጋው የመስመር መረብ የዚህ ጭምብል ዘመድ ነው።

እስቲ አንዱን ልኬት አብረን እንሥራው። መተግበሪያዎቹ ከሚወዷቸው ንጥጥሮች አንዱ የአፍ ስፋት ለአፍንጫ ስፋት ነው። አንዲት ሴት አፏን ገጥማ ስትቀመጥ የአፏ ስፋት 52 ሚሊሜትር፣ የአፍንጫዋ 36 ሚሊሜትር ቢሆን ንጥጥሩ 1.44 ይሆናል፤ እንደ መተግበሪያው ሚዛን «ጎድሏታል» ማለት ነው። ትንሽ ፈገግ ብላ አፏ 58 ሲደርስ ንጥጥሩ 1.61 ይሆንና ወርቃማ ትባላለች። ከልቧ ስትስቅ 62 ቢደርስ 1.72 ይመጣል፤ አሁን ደግሞ «አልፋለች»። በፈገግታ ጊዜ አፍንጫም ስለሚሰፋ ስሌቱ እንደገና ይዛባል። በዚህ ሁሉ መሐል ያለችው ያችው ሴት ናት። በዚያ ላይ ካሜራው አለ። በ2018 የታተመ የአሜሪካ ሐኪሞች ስሌት እንዳሳየው፣ ከፊት 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ የተነሣ ሰልፊ አፍንጫን ከ1.5 ሜትር ከተነሣ ፎቶ ጋር ሲነጻጸር ወደ 30 በመቶ ያህል አስፍቶ ያሳያል። ክንዷን አጥፋ የተነሣችው ልጅ የተለካው ፊቷ ሳይሆን ስልኩን የያዘችበት ርቀት ነው።

ሌላም ጉድለት አለው። በፊት ላይ ሊለኩ የሚችሉ ነጥቦች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ሁለት ሁለቱን እያጣመረ የሚያካፍል ሰው 1.6 አካባቢ የሚወድቅ ነገር ማግኘቱ አይቀርም። ያላገኘውን ይተወዋል፣ ያገኘውን «ሕግ» ይለዋል። የፊት ርዝመት ለፊት ስፋት የሚለውን እንኳ ብንወስድ፣ ከፀጉር መነሻ እስከ አገጭ 18 ሳንቲ ሜትር፣ በጉንጭ አጥንቶች መካከል 13.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ የተለመደ ፊት 1.33 ይሰጣል። 1.618 እንዲመጣ ከተፈለገ ያው ፊት ወደ 22 ሳንቲ ሜትር መርዘም አለበት። እንዲህ ያለ ፊት ማን ውብ ይለዋል?

ታዲያ ተመራማሪዎች ራሳቸው ለክተው ምን አገኙ? በ2010 ፓሜላ ፓሌት፣ ስቲቨን ሊንክ እና ካንግ ሊ የአንዲትን ሴት ፎቶ እየወሰዱ ከዓይን እስከ አፍ ያለውን ርቀትና በዓይኖች መካከል ያለውን ርቀት ብቻ በትንሽ በትንሹ እየለዋወጡ፣ ተመልካቾች የትኛውን እንደሚመርጡ ጠየቁ። ብዙ የተመረጠው ከዓይን እስከ አፍ ያለው ርቀት የፊቱ ርዝመት 36 በመቶ፣ በዓይኖች መካከል ያለው ደግሞ የፊቱ ስፋት 46 በመቶ ሲሆን ነበር። ሁለቱም ወርቃማው ቁጥር አይደሉም። ቁም ነገሩ ደግሞ እነዚህ ልኬቶች የሴቶቹ ፊት አማካይ ሆነው መገኘታቸው ነው። የሰው ዓይን የወደደው ከሚያውቃቸው ፊቶች መሐል የሚገኘውን ነው።

እንግዲህ አማካይ ከሆነ «የማን አማካይ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። የጥናቱ ፊቶች የነጭ ሴቶች ፊቶች ስለነበሩ 36 እና 46 የሚሉትን ቁጥሮች ወስዶ የአዲስ አበባን ልጅ መመዘን ያንኑ ስሕተት መድገም ይሆናል። በ2007 የታተመ በታንዛኒያ የሃድዛ አዳኞች መካከል የተደረገ ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ሃድዛዎቹ ከብዙ የሃድዛ ፊቶች የተቀላቀለውን አማካይ ፊት መርጠዋል፤ የአውሮፓውያን አማካይ ፊት ሲቀርብላቸው ግን እንዲህ ያለ ምርጫ አላሳዩም። የማርኳርት ጭምብልም በ2008 በወጣ ትችት ከአፍሪካውያንና ከምሥራቅ እስያ ሴቶች ፊት ጋር እንደማይስማማ ተጽፎበታል። ሰፋ ያለ አፍንጫ ወይም ወፈር ያለ ከንፈር ያላት የእኛ ልጅ ነጥቧ የሚወርደው መለኪያው እሷን ጨምሮ ስላልተሠራ ነው።

ወደ ግራና ቀኝ እኩልነት ልምጣ፤ ወጣቶቹን ይበልጥ የሚያስጨንቃቸው ይህኛው ነውና። በስልክ የሚዘወተር አንድ «ፈተና» አለ፤ ፎቶን ለሁለት ይሰነጥቅና ግራውን ከግራው መስታወት፣ ቀኙን ከቀኙ መስታወት ጋር ይገጥማል። ሁለት የማይመሳሰሉ ሰዎች ይወጣሉ፤ ልጆቹም ይደነግጣሉ። ድንጋጤውን የፈጠረው የአሠራሩ ስሌት ነው። ስፋቱ 36 ሚሊሜትር የሆነ አፍንጫ መሐል ላይ ሊቆረጥ ሲገባው መስመሩ በ2 ሚሊሜትር ቢዛነፍ፣ አንዱ ግማሽ 20፣ ሌላው 16 ይሆናል። ሲባዙ 40 እና 32 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት አፍንጫዎች ይወጣሉ። የ2 ሚሊሜትር መዛነፍ 8 ሚሊሜትር ሆነ። አንገትን ጥቂት ማዞርም ይህንኑ ያደርጋል። የቀደሙ ተመራማሪዎችም በዚህ ዘዴ ሠርተው ሰዎች እኩል የተደረገውን ፊት እንደማይወዱት አገኙ፤ ፊቶቹ ተበላሽተው ነበርና። በኋላ ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ ፊትን ከራሱ የመስታወት ምስል ጋር በማደባለቅ ሲሠራ፣ ሰዎች ይበልጥ እኩል የሆነውን በመጠኑ እንደሚመርጡ ታየ።

«በመጠኑ» የምትለዋን አልዘላትም። በ1999 የታተመ ሌላ ሙከራ ለተመልካቾች የፊትን ግማሽ ብቻ አሳየ። ግማሽ ፊት ብቻውን ሲታይ እኩልነቱ ሊታወቅ አይችልም፤ ሆኖም ተመልካቾቹ በይበልጥ የወደዷቸው ሰዎች አሁንም ሙሉ ፊታቸው ይበልጥ እኩል የሆኑት ነበሩ። ስለዚህ ዓይን የሚስበው፣ ቢያንስ በከፊል፣ ከእኩልነቱ ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ ነገር ነው ማለት ነው።

የፊት አለመመጣጠን የበሽታ ወይም የደካማ ተፈጥሮ ምልክት ነው የሚለው ወሬም ተፈትሿል። በእንግሊዝ ብሪስቶል አካባቢ ከልደታቸው ጀምሮ ክትትል የተደረገላቸው ከ4,700 በላይ ወጣቶች በ15 ዓመታቸው ፊታቸው በሦስት አውታር ስካነር ተነሥቶ ከልጅነት የሕመም ታሪካቸው ጋር ተነጻጸረ። ውጤቱ በ2014 ታተመ፤ በፊታቸው መበላለጥና በልጅነት በመታመማቸው መካከል ግንኙነት አልተገኘም።

ፊት የሚበላለጠው ከሥሪቱ ነው። ግራና ቀኙ የሚያድጉት በአንድ መመሪያ ቢሆንም በየራሳቸው ነው፤ በዕድገት ጊዜ በየቦታው የሚያጋጥሙ ጥቃቅን ልዩነቶች ሚሊሜትር በሚሊሜትር ይጠራቀማሉ። አንዱ ቅንድብ ከፍ፣ አንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ሰፋ፣ አገጭ ወደ አንድ ወገን ጠጋ ይላል። ስሜትም በሁለቱ ጎኖች እኩል አይነበብም፤ በብዙ ሰው ላይ በግራ ፊት ጎላ ብሎ ይታያል። ሰው ይህን በራሱ ፊት ላይ የሚያየው በፎቶ ነው፤ መስታወት የለመደውን የተገለበጠ ፊት ስለሚያሳየው አያስደነግጠውም። በ1977 የተደረገ ሙከራ ሴቶች ከራሳቸው ሁለት ፎቶዎች የተገለበጠውን፣ ጓደኞቻቸው ግን ያልተገለበጠውን እንደመረጡ አሳይቷል። እያንዳንዱ የመረጠው የለመደውን ነው። ልጅቷ «ጠማማ» የምትለው ፊት እናቷ የምታውቀውና የምትወደው ፊት ነው።

ስለዚህ ፎቶ አንሺዎችን፣ የውበት ሳሎኖችንና የውበት ክሊኒኮችን የምለምነው አለኝ፤ በወርቃማ ቁጥር ስም ለሰው ፊት ነጥብ አትስጡ፣ በዚያ ነጥብም መርፌና ቀዶ ሕክምና አትሽጡ። ወላጆችም አንድ ልዩነት ይወቁ። ከልጅነት ጀምሮ ያለ ጥቂት መበላለጥ ሕክምና አይፈልግም። መንጋጋ በወራት ውስጥ እየተጣመመ ጥርስ አልገጥም ካለ ግን የጥርስ ሐኪም ይየው። ፊት በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በአንድ ቀን ውስጥ ወደ አንድ በኩል ከወደቀ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም ዓይን አልከደን ካለ «ብርድ መትቶት ነው» ብላችሁ ቤት አታቆዩት። የፊት ነርቭ ሽባነት ከሆነ መድኃኒቱ የሚረዳው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ስትሮክ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ደቂቃ አንጎልን ይጎዳልና ሰውየውን ወዲያውኑ ሆስፒታል አድርሱት።