የጥንድ መጻሕፍት መግለጫና የቅናሽ ስሌት

ጥንድ ሽያጭ፣ ማለትም ሁለት መጻሕፍትን አጣምሮ በአንድ ዋጋ ማቅረብ፣ የእያንዳንዱን ትእዛዝ መጠን ከፍ ቢያደርግም ትርፉን የሚያስጠብቀው ከቅናሹ ይልቅ ከመጻሕፍቱ ሥር የሚጻፈው አጭር መግለጫ ነው። ለምሳሌ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ600፣ የዚያው ደራሲ «ወንጀለኛው ዳኛ» በ400 ብር ቢሸጡና የመደብሩ ድርሻ ከመቶ 25 ቢሆን፣ የመጀመሪያው ብቻውን 150፣ ጥንዱ ደግሞ 250 ብር ያስገኛሉ፤ ከ1,000 ብሩ ላይ አሥር በመቶ ከተቀነሰ ግን የሚተርፈው ያው 150 ስለሆነ፣ ሁለተኛው መጽሐፍ ያለ ምንም ትርፍ ይሸጣል። «ሁለቱን ገዝተው ይቆጥቡ» ከሚለው ባዶ ጥሪ ይልቅ «ፍቅር እስከ መቃብርን ላነበበ፣ ከሐዲስ ዓለማየሁ ብዕር የወጣ ሌላ ረጅም ልብ ወለድ» የሚለው መግለጫ ለገዢው ምክንያት ስለሚሰጥ ሦስት በመቶ ቅናሽ ሊበቃው ይችላል፤ መሥራቱም የሚታወቀው ጥንዱ በብዛት በመሸጡ ብቻ ሳይሆን፣ ከገዢዎቹ መካከል አንዱን መጽሐፍ ብቻ ይዘው የሚሄዱት ድርሻ በመቀነሱ ነው።