ትህትናው ግሡ ውስጥ ቀረ

«ሐበሻ በእንግሊዝኛ ኢሜይል ሲጽፍ ባለጌ ይመስላል» የሚሉን ሰዎች ተሳስተዋል። ጨዋነት አልጎደለንም፤ መንገድ ላይ ነው የሚወድቅብን። «ደብዳቤውን ይላኩልኝ» ስንል አንቱታውን የሚሸከመው ግሡ ራሱ ነው፤ «ልኝ»ም «ለእኔ ብለው» የሚለውን ይጨምራል። እንግሊዝኛው ላይ ሁለቱም ይራገፉና «ሴንድ ሚ ዘ ሌተር» ይቀራል፦ ደረቅ ትእዛዝ።

ጉድለቱ ሲሰማን ደግሞ ወደ ማመልከቻ ጸሐፊው እንሮጣለን። «ለተከበረው መሥሪያ ቤትዎ በታላቅ ትህትና» ቃል በቃል ይተረጎማል። ትእዛዙ ግን ያው ነው፣ ካባ ደረበ እንጂ። «ፕሊስ» ብቻ መለጠፍም ብዙ አያለዝበውም።

እንግሊዝኛ አንቱታውን የሚያስቀምጠው ጥያቄ ውስጥ ነው፦ «ኩድ ዩ ሴንድ ሚ ዘ ሌተር ባይ ፍራይዴይ? ማይ ቪዛ አፖይንትመንት ኢዝ ኦን መንዴይ።» ጥያቄው ትህትናውን ይዟል፤ ምክንያቱ ደግሞ ጥድፊያውን ያስረዳል። ከላይ «ዲር» እና ስም፣ ከታች «ታንክ ዩ» ይበቃል።

ከመላካችሁ በፊት የምትለምኑበትን ዓረፍተ ነገር ብቻ ፈልጉ። «ሴንድ» ወይም «ጊቭ» ብሎ ከጀመረ፣ የቀረውን ጌጥ ሁሉ ትታችሁ እሱን ወደ ጥያቄ ለውጡ።