ሙቀት ሙቀትን ሲወልድ

በአየር ንብረት ለውጥ ሥልጠናዎች ላይ «አዎንታዊ ግብረ መልስ» የሚለው ሐረግ ሲነሳ ብዙ ሰው መልካም ዜና ይመስለዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አዎንታዊ የሚባለው የተጀመረውን ለውጥ የሚያባብሰው ሲሆን አሉታዊ የሚባለው ደግሞ የሚገታው ነው።

አባባሹ በጉልህ የሚታየው በሰሜን ዋልታ ነው። በባሕሩ ላይ የተጋገረው በረዶ ነጭ በመሆኑ ካረፈበት የፀሐይ ብርሃን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ወደ ሰማይ ይመልሳል። በረዶው ሲቀልጥ የሚገለጠው ጠቆር ያለ ውኃ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ውጦ ያስቀራል። የሞቀው ውኃ በዙሪያው ያለውን በረዶ ያቀልጣል፤ ተጨማሪ ውኃም ይገለጣል። አካባቢው እ.ኤ.አ. ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ በአራት እጥፍ ገደማ ፍጥነት የሞቀበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በየብስ ላይ ደግሞ ለሺህ ዓመታት ሳይቀልጥ የኖረ፣ ፐርማፍሮስት የሚባል የበረደ አፈር አለ። በሩሲያ ሳይቤሪያ፣ ባታጋይ በተባለች ከተማ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደን ተመነጠረ። የዛፉ ጥላ ሲነሳ ፀሐይ አፈሩን በቀጥታ አሞቀችው፤ በውስጡ የነበረው በረዶ ቀልጦም መሬቱ ሰመጠ። የእኛን ቦረቦር የሚቆርጠው ጎርፍ ነው፤ የባታጋዩን ግን ሙቀት ነው። ግድግዳው በተናደ ቁጥር አዲስ በረዶ ለፀሐይ ይጋለጣል፤ እሱም በተራው ይቀልጣል። ገደሉ ዛሬ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በየዓመቱ በሞቃቱ ወራትም ይሰፋል።

እንዲህ ባለው አፈር ውስጥ ሳይበሰብስ የቆየ የዕፅዋት ቅሪት አለ። አፈሩ ሲቀልጥ ረቂቅ ተሕዋስያን ያብላሉታል። አየር በሚያገኝበት ቦታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ውኃ በተኛበትና አየር በሌለበት ግን ሚቴን ይፈጠራል፤ ይህም እበት በባዮጋዝ ጉድጓድ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ ነው። ልዩነቱ የባዮጋዙ በምድጃ መቃጠሉ፣ የሳይቤሪያው ግን በቀጥታ ወደ አየር መውጣቱ ነው። ሚቴን በ20 ዓመት ውስጥ ተመሳሳይ ክብደት ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። በሰሜኑ የበረደ አፈር የተከማቸው ካርቦንም በአየር ውስጥ ካለው እጥፍ ያህል ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል ማለት አይደለም፤ መቅለጡ አሥርት ዓመታትንና ክፍለ ዘመናትን የሚወስድ ነው። ገቺ የሆነው አሉታዊ ግብረ መልስም አለ። ምድር በሞቀች ቁጥር ወደ ጠፈር የምትለቀው ሙቀት ስለሚጨምር ሙቀቱ ያለ ገደብ አይሄድም። ሆኖም ገቺው ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ የቀለጠውን አይመልስም። ከፋብሪካ የሚወጣ ጋዝ በውሳኔ ሊቆም ይችላል፤ ከቀለጠ አፈር የሚወጣውን ግን የሚዘጋ ቧንቧ የለም። ያለው አማራጭ ገና ያልቀለጠው እንዳይቀልጥ የመጀመሪያውን ሙቀት መቀነስ ብቻ ነው።