ማር የሌለው የማር እንጀራ

ባለፈው ጥር አክስቴን ለመጠየቅ ወደ መንዝ፣ ጓሳ ወጥቼ ነበር። አክስቴ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጥርስ አልቀራቸውም። ከሳምባ ምች ካገገሙ ወዲህ ደግሞ እንጀራ በወጥ ርሶም አልወርድ እያላቸው በጣም ከስተዋል። ያያቸው ሐኪም ለስላሳ፣ ግን ጉልበት የሚሰጥ ነገር ይመገቡ ብሏል። በቤቱ ዶሮ አለ፤ የበግ መረቅም አይጠፋም። ስለዚህ በሥራ ዘመኔ ከአንዲት ቻይናዊት ሐኪም የተማርኩትን፣ በእንፋሎት የሚረጋ የእንቁላል ምግብ ልሠራላቸው ተነሣሁ።

ምግቡ ስኳር የለበትም። እንቁላል በመረቅ ተበጥብጦ በኩባያ ውስጥ ሆኖ በእንፋሎት ይረጋል፤ ሲያምርለት እንደ ረጋ እርጎ ይንቀጠቀጣል። ጃፓኖች ቻዋንሙሺ ይሉታል፤ ቻይናዎችም ኮሪያዎችም የየራሳቸው አሠራር አላቸው።

አዲስ አበባ ቤቴ ስሠራው ለሁለት እንቁላል አንድ የሻይ ብርጭቆ መረቅ አድርጌ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አወጣዋለሁ። ጓሳም እንዲሁ አደረግሁ። ሩብ ሰዓት ሲሆን ብከፍተው ገና ውሃ ነው። እሳቱ አንሶ ነው ብዬ ኩበቱን ጨመርኩ፣ ክዳኑን ግጥም አድርጌ ዘግቼ ከጎረቤት ጋር ወሬ ያዝኩ። ስመለስ መሐሉ ልል፣ ዳር ዳሩ ደግሞ በቀዳዳ የተበሳሳና ውሃ ያቆረ ነገር ጠበቀኝ። አክስቴ ኩባያውን አይተው፣ “አንቺ ልጅ፣ ይሄማ የማር እንጀራ ነው፤ ማሩ የታለ?” አሉኝ።

ሳቅን። ነገሩ ግን ለእሳቸው የመልክ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። እንዲህ የተበሳሳ እንቁላል ደረቅ ፍርፋሪና ቀጭን ውሃ ሆኖ አብሮ ወደ አፍ ይገባል። መዋጥ ለሚያዳግተው ሰው ደግሞ ሁለቱ ሲደባለቁ ያስቸግራሉ፤ ውሃው ቀድሞ ወደ ጉሮሮ ይወርድና ያስላል። ልሙጥ ሆኖ የረጋው ግን አንድ ወጥ ስለሆነ በቀላሉ ይንሸራተታል። ውሃ በጠጣ ቁጥር የሚያስለው ሰው ካለ ግን ምግቡን ከማለስለስ በፊት ለጤና ባለሙያ ይታይ።

የመጀመሪያው ስህተቴ መጠኑ ነበር። እንቁላልን በቁጥር ለካሁ። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ግን ከፈረንጁ በጣም ያንሳል። አዲስ አበባ ሁለት እንቁላል ሰብሬ ያገኘሁትን፣ ጓሳ ለማግኘት ሦስት ያስፈልገኝ ነበር። በዚያው መረቅ ላይ ሁለት ትንንሽ እንቁላል ስጨምር ለአንድ እጅ እንቁላል ሦስት እጅ ፈሳሽ ሆነ። ጃፓኖች በዚህ መጠን ይሠሩታል፤ በጣም ለስላሳ ነው፤ ግን ቶሎ አይረጋም፣ ጥንቃቄም ይፈልጋል። ለቤታችን የሚሻለው ለአንድ እጅ እንቁላል ሁለት እጅ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ከአንድ እጅ ተኩል ካነሰ ደግሞ ጠጠር ይላል፤ ቶሎም ይበሳሳል።

በማግሥቱ የቡና ሲኒ ይዤ ለካሁ። ሁለቱ የሐበሻ እንቁላል ተሰብረው ሲኒዋን ሊሞሉ ጥቂት ብቻ ቀራቸው። በዚያችው ሲኒ፣ እስከዚያው መስመር ድረስ፣ ሁለት ጊዜ መረቅ ሰፈርኩ። እንቁላሉ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ በአንድ ዕቃ ከተለካ መጠኑ አይዛባም። መረቁ ቀዝቅዞ ሞራው የተነሣለት፣ ለብ ያለ መሆን አለበት። ትኩስ ከሆነ እንቁላሉን እዚያው ያበስለዋል። መረቅ ከሌለ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሆናል፤ ቁንጥር ጨው ግን አይቅር፤ ጨው እንዲረጋ ያግዘዋል።

ሁለተኛው ነገር አየር ነው። እንቁላሉን ለኦሜሌት እንደምንመታው አንመታውም። ሹካውን ከዕቃው ግርጌ ሳናነሣ፣ አረፋ ሳናወጣ ቀስ ብለን እናዋሕደዋለን። ከዚያ በሻይ ማጥለያ እናጠልለዋለን። ያልተዋሐደው ነጩና እንደ ክር ያለው ነገር እዚያ ይቀራል። ላዩ ላይ የቀረ አረፋ ካለ በማንኪያ ይገፈፋል። ኩባያውን በትንሽ ሳህን እንከድነዋለን፤ ከድስቱ ክዳን የሚንጠባጠበው ውሃ ላዩን እንዳይበሳው ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው እሳቱ ነው። በመረቅ የተበጠበጠ እንቁላል 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይረጋል። ከዚያ አልፎ ሲሞቅ የረጋው እንቁላል ይኮማተርና የያዘውን ውሃ ጨምቆ ያወጣል፤ በውስጡ ያለው ውሃም ወደ መፍላት ሲቃረብ የእንፋሎት አረፋ ይፈጥራል። እንቁላሉ ረግቷልና አረፋው ያለፈበት ቦታ አይገጥምም፣ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ውሃ የሚፈላው 89 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ 92 አካባቢ፣ ባሕር ዳርቻ ደግሞ 100። ስለዚህ የደጋው እንፋሎት ለዘብ ያለ ነው፤ እንቁላሉ እስኪረጋ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ግን ጊዜ በመስጠት ፈንታ ማገዶ ጨመርኩ። ማገዶ ሲበዛ የሚፈላው ውሃ ከ89 አያልፍም፤ እንፋሎቱ ግን ይበዛና የኩባያውን ዳር ቶሎ ወደዚያ ያደርሰዋል። ከ80 እስከ 89 ያለችው ልዩነት ደግሞ እንቁላል ለማበላሸት ትበቃለች። ደጋው ያግዛል እንጂ አያድንም።

በሁለተኛው ቀን ድስቱ ግርጌ ሦስት የታጠቡ ጠፍጣፋ ድንጋዮች አስቀመጥኩ፤ ውሃው ከድንጋዮቹ በታች ነው። ውሃው ከፈላ በኋላ ኩባያዎቹን ድንጋዮቹ ላይ አስቀምጬ እሳቱን አሳነስኩ፤ በክዳኑና በድስቱ አፍ መካከል የማንኪያ እጀታ አስገብቼ ክፍት ተውኩት። በክፍቷ በኩል አየር ከእንፋሎቱ ጋር ስለሚቀላቀል ድስቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ከሚፈላው ውሃ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ የዘዴው ቁልፍ ይህ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሰ።

መድረሱን ለማወቅ ኩባያውን ነቅነቅ አድርጉት፤ መሐሉ እንደ እርጎ በአንድነት ከተንቀጠቀጠ መሐሉን በቢላ ጫፍ ውጉት። የሚወጣው ፈሳሽ ጠራ ያለ መረቅ ከሆነ በስሏል፤ ቢጫና ድፍርስ ከሆነ ገና ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። ለሽማግሌ፣ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ጥሬ እንቁላል አይሰጥምና መሐሉ ሳይረጋ አታውጡት።

ከተበላሸባችሁ ደግሞ ቀዳዳው ያለበትን ቦታ ተመልከቱ። ላዩ ላይ ብቻ ጥቃቅን ጉድጓድ ካለ አረፋው አልተገፈፈም ወይም ውሃ ተንጠባጥቦበታል። ዳሩና ግርጌው ተበሳስቶ ውሃ ካቆረ እሳቱ በዝቷል ወይም ቆይቷል። ቀዳዳ ሳይኖረው ልል ከሆነ ፈሳሹ በዝቷል ወይም ጊዜው አንሷል።

አክስቴ የሁለተኛውን ቀን ኩባያ ሙሉውን ጨረሱ። “ይሄስ ሳልጠራው ራሱ ይወርዳል” ብለው ሌላ ጠየቁ። የተረፈውን ለማታ ላስቀምጥ ቢሉኝ ግን እምቢ አልኩ፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ሁለት ሰዓት የቆየ እንቁላል አይበላም። ከመምጣቴ በፊት ሲኒዋን ለልጃቸው ሚስት አሳይቼ፣ አንድ ጊዜ እንቁላል፣ ሁለት ጊዜ መረቅ አልኳት። አሁን እሷ ትሠራላቸዋለች።